ቴርሞሜትሩ 39 ሲል፣ ልጁም ሦስት ወሩ ሲሆን

በትኩሳት የመጣ ሕፃን የምትቀበል ነርስ ከቴርሞሜትሩ በፊት የምትጠይቀው ዕድሜን ነው፤ ያውም በሳምንት። የሦስት ዓመት ልጅ 39 ዲግሪ ተኩሶት፣ ውኃ እየጠጣና በመካከሉም እየተጫወተ ከሆነ፣ ወላጆቹ ቤት ሆነው አንድ ቀን ቢከታተሉት ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ያው 39 በሦስት ወር ሕፃን ላይ ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሕፃኑ ቢስቅም ባይስቅም፣ ቢጠባም ባይጠባም፣ በዚያው ዕለት በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ዘጠና ቀን ያልሞላው ከሆነ ደግሞ 39ን መጠበቅም አያስፈልግም፤ 38 ዲግሪ ብቻውን በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምክንያት ነው።

ሦስት ወር እንግዲህ ድንበር ላይ ያለ ዕድሜ ነው። የብሪታኒያ የሕፃናት ትኩሳት መመሪያ ከሦስት ወር በታች ለሆኑት 38ን፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ላሉት ደግሞ 39ን የማስጠንቀቂያ መስመር አድርጎ አስቀምጧል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት መመሪያ ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን ለብቻው ይመድበዋል፤ በብብቱ 37.5 ከደረሰ ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታያል። መስመሮቹ እዚህና እዚያ ትንሽ ቢለያዩም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ሕፃኑ ባነሰ ቁጥር አነስተኛውም ትኩሳት ይከብዳል። «ሦስት ወሩ ነው» የምትል እናት የተወለደበትን ቀን ብትቆጥር አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ልዩነት የሐኪሙን ውሳኔ ይቀይራል። ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ከሆነም ይህ ቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ ጥንቃቄው ከፍ ይላልና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ሕፃን ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበትን ስንቅ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ተቀብሎ ነው። ያ ስንቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየተመናመነ ይሄዳል፤ የራሱ መከላከያ ደግሞ ገና እየተደራጀ ነው። ሦስት ወር ገደማ ላይ የእናቱ እያለቀ፣ የራሱም ያልደረሰበት ክፍተት ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ በሽንት ቧንቧ የገባ ባክቴሪያ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሽፋን ለመድረስ ትልቅ ልጅ ላይ ከሚያገኘው ያነሰ እንቅፋት ነው የሚገጥመው። ሌላው ችግር ሕፃኑ ሕመሙን የሚናገርባቸው መንገዶች ጥቂት መሆናቸው ነው። ማጅራት ገትር ትልቅ ልጅ ሲይዝ አንገት ይደርቃል፣ ራስ ምታት ይነገራል። የሦስት ወር ሕፃን አንገቱ እንደ ወትሮው ለስላሳ ሆኖ፣ ከትኩሳትና ከመነጫነጭ በቀር ምንም ሳያሳይ ያው በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

ነገሩን ሚዛኑ ላይ ለማስቀመጥ ያህል፣ በዚህ ዕድሜ የሚተኩሳቸው አብዛኞቹ ሕፃናት በቫይረስ የታመሙና በጥቂት ቀን የሚድኑ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትኩሳት ይዟቸው ከሚመረመሩት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ግን ከባድ የባክቴሪያ ሕመም ይገኝበታል፤ ከእነዚህም ውስጥ በብዛት የሚታየው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። የደም መመረዝና ማጅራት ገትር ከዚህ በጣም ያነሱ ቢሆኑም፣ በሰዓታት ውስጥ የሚባባሱት እነሱ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ከአሥሩ አንዱ የትኛው እንደሆነ ከፊት ገጽታ ብቻ መለየት አለመቻሉ ነው።

39 ዲግሪ ራሱ አንጎል አያቃጥልም። ትኩሳት ሰውነት ተሕዋስያንን ለመዋጋት ሲል ሆን ብሎ ሙቀቱን ከፍ ሲያደርግ የሚመጣ ነው። ወላጆችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው «ትኩሳቱ እንዳያንቀጠቅጠው» የሚለው ነው። ከትኩሳት ጋር የሚመጣውና ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳይተው የሚያልፈው መንቀጥቀጥ ግን የሚታየው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ነው። የሦስት ወር ሕፃን ተኩሶት ካንቀጠቀጠው «ትኩሳቱ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ማጅራት ገትር ተብሎ ነው የሚታሰበው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ በየጤና ጣቢያው የሚያጋጥም ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖር፣ 14 ሳምንት ከአራት ቀን የሆናት፣ 5.8 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ አለች እንበል። ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ዙር ክትባቷን ወስዳለች። ሰኞ ማታ ሰውነቷ ጋለ። እናቷ ዲጂታል ቴርሞሜትሩን በብብቷ አስገብታ፣ ክንዷን ወደ ጎኗ አስጠግታ፣ ድምፅ እስኪያሰማ ያዘችው። 39.1 አለ።

እዚህ ላይ ስለ አለካኩ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በብብት የሚለካ ሙቀት በፊንጢጣ ከሚለካው በግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ ትንሽ በበለጠ ያንሳል። ስለዚህ ብብት 39 ካለ ውስጡ ከዚያ አይበርድም። ቁጥሩን በራስ ሂሳብ ከማስተካከል ይልቅ «በብብት 39.1» ብሎ እንዳለ መንገር ይሻላል። ግንባር ላይ የሚተኮሰው መለኪያ በዚህ ዕድሜ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ የእናት እጅም ትኩሳት መኖሩን ያውቃል እንጂ 37.8ን ከ39 አይለይም። ሕፃኑ በፎጣና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ጋቢ ተደርቦበት ከነበረ፣ ፈታ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና መለካት ተገቢ ነው። መጠቅለል ቆዳን ያሞቃል፤ ከተፈታ በኋላም 39 ካለ ግን ጥፋቱ የጋቢው አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወላጆች ቴርሞሜትራቸው በፋራናይት ከሆነ 38 ማለት 100.4፣ 39 ማለት 102.2 ነው።

የልጅቷ አያት «ክትባቱ ነው፤ እናንተንም እንዲህ ያደርጋችሁ ነበር» አሉ። አባባላቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት የአምስት በሽታዎች ክትባት፣ በተለይ በውስጡ ያለው የትክትክ ክፍል፣ ብዙ ልጆችን ያተኩሳል። ትኩሳቱ ግን የራሱ ሰዓት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ክትባቱ በተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ውስጥም ይጠፋል። ይህች ልጅ የተከተበችው ሐሙስ ነው፤ የተኮሳት ሰኞ ነው። በመካከሉ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ደህና ነበረች። የ14ኛው ሳምንት ክትባትና የሦስት ወር ትኩሳት ጊዜያቸው ስለሚገጣጠም ብቻ ስንት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በክትባት ስም ቤት እንደሚቆይ ማሰብ ነው። በክትባቱ ማግስት ቢሆን እንኳ 39 የደረሰ ትኩሳት በስልክም ሆነ በአካል ለጤና ባለሙያ መነገር አለበት።

ሌሎቹም ምክንያቶች ከሰፈር አይጠፉም። «ጥርስ እያወጣች ነው» ይባላል፤ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ስድስት ወር ገደማ ሲሆን፣ በወጣም ጊዜ 39 አያደርስም። ይህ እምነት ድዱን ወደማስቧጠጥ ከሄደ ደግሞ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የሚጨመቅበትም ቤት አለ። ቅጠሉ ግንባር ላይ ቢቀባ ብዙም አያጣላም፤ ጭማቂውን የሦስት ወር ሕፃን አፍ ውስጥ ማድረግ ግን ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም ባልቀመሰ ሆድ ላይ መጠኑ የማይታወቅ ነገር መጨመር ነው። ትልቁ ጉዳቱ የሚሄደው ሰዓት ነው።

እናትየዋ ፓራሲታሞል ሰጠቻት። ፓራሲታሞል ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የትኩሳት ማስታገሻ ሲሆን መጠኑ በኪሎ ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ለ5.8 ኪሎ ልጅ 60 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ ይህ 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ፋርማሲው ለሕፃናት የሚሆን ጠብታም ይሸጣል፤ አንዳንዱ ጠብታ በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። የሽሮፑን 2.5 ሚሊ ሊትር ከጠብታው የቀዳ ሰው 250 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ። ከጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብና በሻይ ማንኪያ ፈንታ በሲሪንጅ መስፈር ጉበትን ያድናል። አይቡፕሮፌን በዚህ ዕድሜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጥም። በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ወይም አልኮል መቀባት ሕፃኑን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አይረዳውም፤ አልኮሉ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነቱም ይገባል። ስስ ልብስ ማልበስና ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የተሰጠው መድኃኒት አምስት ሰዓት ሲሆን ሠራ። ትኩሳቱ 37.8 ወረደ፤ ልጅቷ ጠባች፣ ለአባቷም ሳቀች። ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው ልክ በዚህች ሰዓት ነው፤ ለፓራሲታሞል የወረደ ትኩሳት ቀላል ሕመም ነው የሚል እምነት አለና። ፓራሲታሞል ግን የአንጎልን የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው የሚያታልለው፤ ትኩሳቱ ከቫይረስም ይምጣ ከባክቴሪያ ግድ የለውም። የማጅራት ገትር ትኩሳትም በፓራሲታሞል ሊወርድ ይችላል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሌላ ምልክት አለ፤ ሙቀቱ ወርዶም የዛለና የማይጠባ ሕፃን በጣም ያሳስባቸዋል። ግን ነገሩ ተገልብጦ አይሠራም፤ መሳቋ ከምርመራ አያስቀራትም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 39.2 አለ። ወላጆቿ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ልጅቷ እየጠባች፣ እያየችና ዳይፐሯን እያረጠበች ስለነበር እስኪነጋ መቆየታቸው ይቅር የሚባል ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ያልሞላት ብትሆን ኖሮ ግን ማታውኑ መውጣት ነበረባቸው።

ጤና ጣቢያ ላይ ባለሙያዋ ልብሷን ሙሉ በሙሉ አስወለቀች። አተነፋፈሷን የቆጠረችው ልጅቷ በተረጋጋችበት፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው፤ 44 ሆነ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል፤ የሳንባ ምችንም ያስጠረጥራል። ርግብግቢቷን ቀና አድርጋ ይዛ ዳሰሰች፤ አላበጠም፣ አልሰረጎደምም። ጆሮዋን፣ ጉሮሮዋን፣ ቆዳዋንና መገጣጠሚያዎቿን አየች። ሳል የለም፣ ንፍጥ የለም፣ ተቅማጥ የለም። ወባ ካለበት ቆላ አካባቢ ብትመጣ ኖሮ ከጣቷ ጠብታ ደም ተወስዶ የወባ ምርመራም ይደረግላት ነበር።

ምንም አለመገኘቱ ለወላጅ ደስታ ነው፤ ለባለሙያዋ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። በዚህ ዕድሜ ምንጩ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሽንት ነው። ሽንት ቧንቧዋ የተመረዘ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው «ያቃጥለኛል» አትልም፤ ሽንቷም የተለየ ሽታ ላይኖረው ይችላል። በወንዶች ይህ ኢንፌክሽን ባልተገረዙት ላይ ይበዛል፤ በስምንተኛ ቀናቸው በሚገረዙባቸው ቤተሰቦች ያሉ ወንዶች ላይ ይቀንሳል፤ ሴቶች ልጆች ላይ ግን ሁልጊዜ መታሰብ አለበት።

ከሦስት ወር ሕፃን ንጹሕ ሽንት መውሰድ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሰውነት ላይ በሚለጠፈው ከረጢት የተሰበሰበ ሽንት ከቆዳ በሚገባ ባክቴሪያ ይበከላል፤ ሕመም ሳይኖር «አለ» ያሰኛል። ንጹሑ መንገድ ቦታውን አጥቦ፣ ዕቃ ይዞ፣ በአየር ላይ መቀበል ነው፤ ካልሆነም ባለሙያ በቀጭን ቱቦ ያወጣዋል። በ2017 የአውስትራሊያ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀዝቃዛ ፈሳሽ በተነከረ ፋሻ በክብ በክብ ማሸት ሕፃናት ቶሎ እንዲሸኑ እንደሚረዳ አሳይቷል። ፋሻ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ ስለሆነ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሞከር ይችላል። በልጅቷ ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችና ናይትራይት ተገኙ። የባክቴሪያ ሥራ መሆኑ በጣም ተጠረጠረ፤ ወደ ሆስፒታልም ተላከች።

ሆስፒታሉ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር የሚሆን ሽንትና ደም ወሰደ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ልክ አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ በተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል፤ ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሳያውቅ ይቀራል። ለታላቅ እህት ተገዝቶ የተረፈ አሞክሳሲሊን ቤት ውስጥ መስጠት የሚያደርሰው ጉዳትም ይኸው ነው፤ በሽታውን በግማሽ ገድሎ ምርመራውን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። ልጅቷ ነቃ ያለች፣ ዕድሜዋም ከዘጠና ቀን ያለፈና የትኩሳቱ ምንጭ የተገኘ በመሆኑ ሐኪሙ ከጀርባዋ ፈሳሽ መውሰድ አላስፈለገውም። የአንድ ወር ሕፃን ብትሆን ወይም ዝላ ብትመጣ ይህ ምርመራ አይቀርም ነበር። ወላጆች ስሙን ሲሰሙ የሚደነግጡበት ይህ ምርመራ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው፤ ሽባ ያደርጋል የሚለው ወሬ ብዙ ሕፃናትን ወቅቱን የጠበቀ ሕክምና አሳጥቷል።

ይህች ልጅ ጠዋት ብትደርስም ያለ ጉዳት ታከመች። ጠዋትን መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ ግን አለ። ሕፃኑ ጡት መያዝ ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም ነቅቶ ወዲያው ከፈዘዘ፣ እነዚህ የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች በየቀኑ የሚጠይቋቸው የአደጋ ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ብቻ ይበቃል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ካቃሰተ፣ ሳያለቅስና ቀና ብሎ ሳለ ርግብግቢቱ ካበጠ፣ ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ዳይፐሩ ካልረጠበ እንዲሁ ነው። ለቅሶውም ይደመጣል፤ የደከመ፣ የሚያቃስት ወይም ሲያቅፉት የሚብስበት ለቅሶ ከተለመደው የተለየ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መገርጣትና መጥቆር ከጉንጭ አይነበብም፤ ከንፈር፣ ምላስ፣ መዳፍና የእግር ሥር ነው የሚታየው። ተጭነው ሲለቁት የማይጠፋ ነጠብጣብ ሽፍታም በመዳፍና በውስጠኛው እግር ይፈለጋል። ከእነዚህ አንዱ ካለ የፓራሲታሞሉን ሥራ መጠበቅ የለም፤ እያጠቡ፣ ከቻሉም፣ መሄድ ነው።

የሙቀት መቀነስም ምልክት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ትንሽ ሕፃን ክፉኛ ሲታመም ከመተኮስ ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ትናንት 39 የነበረ ሕፃን ዛሬ ያለ መድኃኒት 35 ሆኖ፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፣ ዝም ካለ «በረደለት» አይባልም።

ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱት ብዙ አይደለም። የክትባት ካርዱ ዕድሜውንም የመጨረሻውን ክትባትም ይናገራል። ትኩሳቱ የጀመረበት ሰዓት፣ ከፍተኛው ቁጥርና የተለካበት ቦታ፣ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት ቢጻፍ ይረዳል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ራሱን መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሽሮፕና ጠብታውን ይለያልና።

የልጅቷ ትኩሳት መርፌው ከተጀመረ በሁለተኛው ቀን ወረደ። በካልቸሩ ኢ ኮላይ የተባለው፣ ከአንጀት የሚመጣው የተለመደ ባክቴሪያ በቀለ፤ ደሟ ንጹሕ ሆነ። በሚዋጥ መድኃኒት ተቀይሮላት አሥር ቀን ጨረሰች፤ ኩላሊቷም በአልትራሳውንድ ታየ። ሲወጡ ሐኪሙ ለወላጆቿ አንድ መመሪያ ሰጠ፤ በሚቀጥሉት ወራት ያለ ጉንፋንና ያለ ሳል እንደገና ከተኮሳት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሽንቷ እንደገና ይመርመር።